ያየኋቸው ሴሎች

የምናዘዘው አንድ ስላይድ አንብቤ ስለጻፍኩት አንድ መስመር ነው። መስመሩ «የካንሰርም ሆነ የቅድመ ካንሰር ለውጥ አልታየም» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማዬ አለ። ይቅር እንዲሉኝ አይደለም የምነግርዎ። ይቅር ማለት የምትችለው ሌላ ሰው ናት፤ እሷንም ይህን አልጠየቅኳትም። የምነግርዎ ጥፋቴ ሰዎች ሲሰሙት መጀመሪያ የሚገምቱት ዓይነት ስላልሆነ ነው። ሰው ሲሰማ «ሳያየው አልፎት ነው» ይላል። እኔም ለጥቂት ጊዜ ለራሴ እንደዚያ ብያለሁ።

ፓቶሎጂስት ነኝ። በየጊዜው የማነበው ስላይድ ፓፕ ስሚር የሚባለው የማህፀን በር ምርመራ ነው። የማህፀን ሐኪሙ ወይም ነርሷ በጠፍጣፋ እንጨት የማህፀን በሩን ዙሪያውን ጠረግ አድርገው ሴሎቹን ያነሳሉ፤ መስታወቱ ላይ በስሱ ይቀቡትና ወዲያው 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይነክሩታል። አልኮሉ ከዘገየ ሴሎቹ በአየር ይደርቃሉ፤ ኒውክለሳቸው ያብጣል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። ይህን ያነሳሁት በኋላ ምክንያት አድርጌው ስለነበር ነው። ስላይዱ ቀለም ከተነከረ በኋላ እኔ ጋ ይደርሳል። በ10 ሌንስ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው፣ መስመር ላይ መስመር እየደረብኩ እሄዳለሁ። ዓይኔን የያዘ ነገር ሲኖር በ40 ሌንስ ጠጋ ብዬ አየዋለሁ። ተመልሼ ላየው የምፈልገው ቦታ ላይ በቀለም ብዕር ነጥብ አደርጋለሁ።

ጥፋቴ እንዲገባዎ እነዚህ ሴሎች ምን እንደሚመስሉ ማወቅ ያስፈልግዎታል። ጤነኛው ሴል ሰፊና ስስ ነው፤ በመካከሉ ያለው ኒውክለስ በእንጀራ መሀል እንደተቀመጠች ሽምብራ ትንሽ ነው። የኒውክለሱ ዙሪያ ለስላሳ ነው፤ በውስጡ ያለው ክሮማቲን ደግሞ ደቃቅና እኩል የተበተነ ነው። ሌላውን ሴል ሁሉ የምንለካው በዚህ ነው። ኤልሲል የምንለው ዝቅተኛ ለውጥ ሲመጣ የሴሉ ስፋት ብዙም ሳይቀንስ ኒውክለሱ ይገዝፋል፤ ስፋቱ ከጤነኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፣ ይጠቁራል፣ ብዙ ጊዜም በዙሪያው ጠርዙ ጥርት ያለ ባዶ ቦታ ይታያል። ይህ የሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሥራ ነው። አብዛኞቹን እንዲህ ያሉ ለውጦች የሴቲቱ አካል ራሱ በሁለት ዓመት ገደማ ያጠራቸዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ክትትል ነው።

ኤችሲል፣ ማለትም ከፍተኛው ለውጥ፣ ሌላ ነው። የሕክምና ተማሪ ሳለሁ በሽታው ሲብስ ሴሉም ይተልቃል፣ ይበልጥም ያስፈራል ብዬ አስብ ነበር። እውነቱ ግን የተገላቢጦሹ ነው። ለውጡ ሲብስ ሴሉ ያንሳል። ኒውክለሱ በራሱ ሲታይ ከዝቅተኛው ለውጥ ኒውክለስ ላይበልጥ፣ እንዲያውም ሊያንስ ይችላል፤ በዙሪያው ያለው ሳይቶፕላዝም ግን ተሟጦ ቀጭን ጠርዝ ብቻ ይቀራል። ዙሪያው ይሰረጎዳል፣ ይታጠፋል፤ ክሮማቲኑ ይሻክራል። ዝቅተኛው ለውጥ በ10 ሌንስ ከሩቅ ይጠራል። ከፍተኛው ግን አንዳንድ ጊዜ በንፍጥ መሰል ፈሳሽ ክር ውስጥ አንድ አንድ እየሆነ ተሰልፎ ይተኛል፤ ለፈጣን ዓይን የነጭ ደም ሴል መንጋ ነው የሚመስለው። አደገኛው ነገር ትንሽ መሆኑን አውቅ ነበር። ይህንን አስተምሬዋለሁም። ባለማወቅ አላሳብብም።

በጤነኛውና በለውጡ መካከል አሻሚ ቦታ አለ። የውጤት አሰያየሙን የምንወስደው እ.ኤ.አ. በ1988 ከተጀመረውና በኋላ ከተሻሻለው የቤተስዳ ሥርዓት ነው፤ እሱም እርግጠኛ ላልሆነ አንባቢ ሁለት ስም ሰጥቶታል። አንዱ አስከስ ነው፦ ትንሽ ለውጥ አለ፣ ምንነቱ ግን አልተረጋገጠም። ሌላው አስክ-ኤች ነው፦ ከፍተኛ ለውጥ ሊሆን ይችላል፣ እርግጠኛ አይደለሁም። የመጀመሪያው ሴቲቱን ለጊዜው በክትትል ያቆያታል። ሁለተኛው ግን ወደ ኮልፖስኮፒ ይልካታል፤ የማህፀን በሯ በአጉሊ መሣሪያ ይታያል፣ ከተጠረጠረው ቦታም ናሙና ይነሳል። አስክ-ኤች ከተባሉት ውስጥ ከአንድ ሦስተኛ እስከ ግማሽ የሚሆኑት በናሙናው ከፍተኛ ለውጥ ይገኝባቸዋል። የቀሩት በከንቱ ደንግጠዋል ማለት ነው። ይህ ቁጥር በሁለቱም በኩል እውነት ነው፤ እኔ ግን በዚያ ሰሞን አንዱን በኩል ብቻ ነበር የማየው።

የሴቲቱን ስም አልጠራም። ያኔ 34 ዓመቷ ነበር፤ አንድ ልጅ ነበራት፣ ሌላም ትፈልግ ነበር። በአገራችን አብዛኛው የማህፀን በር ምርመራ በጤና ጣቢያ የሚሠራው አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን በማየት ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የቫይረሱ ምርመራ ተጨምሯል። ፓፕ ስሚር የሚያሠሩት ጥቂቶች ናቸው። እሷ ማንም ሳይልካት በራሷ ገንዘብ መጥታ አሠራች። ማድረግ ያለባትን አድርጋለች።

ስላይዱ በአብዛኛው ጤነኛ ነበር። ሰፋፊ ሴሎች፣ ትንሽ ኢንፌክሽን፣ በአንድ ጥግ በአየር የደረቀ ክፍል። ከመሀል ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ የንፍጥ ክር ነበር፣ በክሩ ውስጥም ትናንሽ ሴሎች። ብዙ አልነበሩም፤ ሀያ ምናልባትም ሠላሳ። ቆምኩ። ወደ 40 ሌንስ አዞርኩ። ኒውክለሱ ሴሉን ሞልቶታል ለማለት ይቻላል። ጠርዙ በአንዳንዶቹ ለስላሳ አልነበረም። «ያልበሰለ ሜታፕላዥያ ይሆናል» ብዬ አሰብኩ። ይህ አባባል ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ሜታፕላዥያ የማህፀን በር ሽፋን ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ሲለወጥ የሚታይ ጤነኛ ሂደት ነው፤ ገና ያልበሰሉት ሴሎቹም ትንንሽ ናቸው፣ ኒውክለሳቸውም ከሳይቶፕላዝማቸው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው። ነገር ግን እነሱ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ንጣፍ ድንጋይ ተጠጋግተው ነው የሚገኙት፤ ዙሪያቸው ክብና ለስላሳ፣ ክሮማቲናቸው ደቃቅ ነው። የእኔዎቹ ተበታትነው በክር ውስጥ ተሰልፈው ነበር። ይህን አየሁ። አየሁት፤ ግን «ትንሽ ደርቀዋል፣ ለዚያ ነው ጠርዛቸው እንዲህ የሆነው» አልኩ። የደረቀው ክፍል ከዚያ ቦታ ራቅ ያለ ነበር።

ለምን እንዲህ አደረግሁ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ፣ መልሱም በየጊዜው ትንሽ ይለወጥ ነበር። በመጀመሪያ ድካም ነው አልኩ። ጊዜው ከሰዓት በኋላ መሽቶ ነበር፣ የሚጠብቁኝ ስላይዶችም ነበሩ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ድካም ሰውን አሳልፎት ያስኬዳል እንጂ አቁሞ አያሳየውም። እኔ ቆሜ ነበር። ከዚያ ቀደም ባሉት ሳምንታት አንድ የማህፀን ሐኪም ደውሎ «ዶክተር፣ አስክ-ኤች አበዛችሁብን እኮ። ሴቶቹ እየደነገጡ ይመጣሉ፣ ናሙና እንወስዳለን፣ ምንም አይገኝም» ብሎኝ ነበር። በክፋት አልተናገረውም፤ የተናገረውም ሐሰት አልነበረም። ሥርዓቱም አስክ-ኤች ከአሻሚዎቹ ሁሉ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቃል ይላል፣ የእኔም ያን ጊዜ ከዚያ በላይ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ሴቶችን ከከንቱ ድንጋጤ እያዳንኩ ነው ብዬ አሰብኩ። ይህን ምክንያት ለረጅም ጊዜ ይዤው ቆየሁ፤ ርኅራኄ ስለሚመስል ደስ ይል ነበር።

ግን ርኅራኄ ቢሆን ኖሮ ስላይዱን ተሸክሜ ከጎኔ ላለው ባልደረባዬ አሳየው ነበር። እሱ ጋ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ነው። አላሳየሁትም፤ ምክንያቱም «ይሄማ ሜታፕላዥያ ነው፣ ምን ነካህ?» እንዳይለኝ ፈራሁ። ወይም ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ «ይሄማ ኤችሲል ነው» እንዳይለኝ ፈራሁ፤ ያኔ ያልፈለግሁትን ስልክ መደወል ይኖርብኝ ነበር። ደንጋጭ እንዳልባል ነበር የተጨነቅኩት። የሴቲቱ ድንጋጤ ከዚያ በኋላ ለራሴ የሰጠሁት ማሳመኛ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር፣ እሱን ለመናገር ይበልጥ ይከብደኛል፤ በራሱ ትክክለኛ እውቀት ስለሆነ። ይህ በሽታ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። በኒውዚላንድ በቂ ሕክምና ያላገኙ ከፍተኛ ለውጥ ያለባቸው ሴቶች በተጠኑ ጊዜ፣ በ30 ዓመት ውስጥ ካንሰር የያዛቸው ከ100 ወደ 30 የሚጠጉት ነበሩ። «ብሳሳት እንኳ በሚቀጥለው ምርመራ ይያዛል» ብዬ አስቤያለሁ። በዚህ ቃል አላልኩት ይሆናል፤ ግን እጄን ያቀለለው ይህ ሐሳብ ነበር። የሚቀጥለውን አንባቢ ተማምኜ ፈረምኩ። የሚቀጥለው አንባቢ ግን እሷ ተመልሳ ካልመጣች የለም፤ ተመልሳ የምትመጣበትን ጊዜ የሚወስነው ደግሞ የእኔ ወረቀት ነበር።

ተመልሳ የመጣችው ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ከግንኙነት በኋላ ደም እየፈሰሳት። ናሙናው ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ማንነቷን አላወቅኩም፤ ናሙና ስም ይዞ አይናገርም። ካንሰሩ ወደ ውስጥ መግባት ጀምሮ ነበር፤ ይህን ለማወቅ ብዙ ማየት አላስፈለገኝም። ከዚያ፣ እንዲህ ያለ ውጤት ሲወጣ ማድረግ እንዳለብን እንደተማርኩት፣ የቀድሞ ስላይድ እንዳላት ለማወቅ መዝገቡን ፈለግሁ። አገኘሁ። ከውጤቱ ሥር ያለው ፊርማ የእኔ ነበር።

ስላይዱን ከሳጥኑ ለማውጣት ስሄድ ምን ተስፋ እንዳደረግሁ ልንገርዎ። ፓፕ ስሚር ከሚስታቸው ለውጦች ከሦስቱ ወደ ሁለት የሚጠጉት የሚጠፉት መጀመሪያውኑ ታማሚው ሴል ስላይዱ ላይ ሳይደርስ በመቅረቱ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ደግሞ በአንባቢው ስህተት። ከሁለቱ ወገን እንድሆን ተመኘሁ። ስላይዱ ባዶ ሆኖ ብናገኘው ማንም ጥፋተኛ አይደለም፤ ማንም የለም፤ እኔም የለሁም። ስለ እሷ አልነበረም የማስበው። አሁንም ስለዚያች ቅጽበት ሳስብ ከሁሉ ይበልጥ የማፍርበት ይህ ነው።

ስላይዱን ወደ ብርሃን ሳነሳው ማይክሮስኮፕ ሥር ሳይገባ አየሁት። ከመሀል ትንሽ ዝቅ ብሎ የቀለም ነጥብ አለበት። ነጥቡ የእኔ ነው። ብዕሬ እንኳ ያው ነበር።

ሴሎቹን ሳያቸው ኤችሲል ነበሩ። «ሊሆን ይችላል» የሚባሉ አልነበሩም፣ ወይም አሁን መልሱን ስለማውቅ እንደዚያ ታዩኝ። ይህን ጥርጣሬ ለራሴ መጠለያ እንዳላደርገው ስላይዱን ነጥቡን ጠርጌ ከሌሎች ጋር ቀላቅዬ፣ ምንም ሳልነግራቸው ለሦስት ባልደረቦች ሰጠሁ። አንዱ ኤችሲል አለ። አንዷ አስክ-ኤች አለች። ሦስተኛው ጤነኛ ነው ብሎ መለሰው። በሦስተኛው ለጥቂት ቀናት ተጽናናሁ፤ ጎበዝ አንባቢ ነው፣ እሱም አልፎታል። በኋላ ግን የት ቦታ ቆሞ እንደነበር ስጠይቀው የትም አልቆመም። ሴሎቹን ሳያያቸው ነው ያለፋቸው። እሱን ያሳሳተው ዓይኑ ነው። እኔ ዓይኔ አልተሳሳተም።

ያደረስኩት ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በትክክል የገባኝ ከዚያም በኋላ ነው። አንድ ሐኪም ታሪኳን ሲነግረኝ፣ ደሙ የጀመረው ወራት ቀደም ብሎ እንደነበር ገለጸልኝ። ለምን እንዳልመጣች ሲጠይቃት «ምርመራው ነጻ ነሽ ብሎኝ ነበር» አለችው። ወረቀቱን አስቀምጣው ነበር። እኔ ከዚያ በፊት የሠራሁትን እንደ ጎደለ ነገር ነበር የምቆጥረው፦ ሊደረግላት የሚገባው አልተደረገላትም፣ አልኩ። ነገሩ ግን ከዚያ ይከፋል። ምንም ባትመረመር ኖሮ ደም ባየች ጊዜ ትፈራና ትመጣ ነበር። የእኔ ፊርማ ፍርሃቷን ወሰደባት። ባልመረምራት ይሻላት ነበር።

ዕጢው ከማህፀን በሯ ገና አልራቀም ነበር። ማህፀኗ ከዙሪያው ሕብረ ሕዋስና ከንፍፊቶቹ ጋር ወጣ፣ ጨረርም ተሰጣት። በሕይወት አለች። ሁለተኛ ልጅ የሚባል ነገር በዚያ ቀን አበቃ። በስላይዱ ጊዜ ቢታወቅ ኖሮ ከማህፀን በሯ ጫፍ ትንሽ ክፍል በመቁረጥ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ «ይችል ነበር» የምለው እርግጠኛ የሚሆን ሰው ስለሌለ ነው፣ ሸክሙን ለማቅለል አይደለም።

አሁን ስላይድ ላይ ነጥብ ካደረግሁ ሌላ ሰው ሳያየው አልፈርምም። ነጥብ ማለት ጠይቄያለሁ ማለት ነውና መልሱን ብቻዬን አልሰጥም። የምጽፈው አስክ-ኤች ጨምሯል። ይህም ያለ ዋጋ አልመጣም፤ አንዲት ወጣት ሴት በእኔ ውጤት ምክንያት ኮልፖስኮፒ ተደርጎላት፣ ናሙና ተወስዶባት፣ ምንም ሳይገኝባት ወራት በጭንቀት አሳልፋለች። እሷንም እኔው ነኝ ያስጨነቅኳት። ከሁለቱ ሴቶች የአንዷን ጭንቀት ከሌላዋ ማህፀን ጋር በሚዛን ላስቀምጥ አልችልም፤ ግን አሁን የምሳሳተው በየትኛው በኩል እንደሆነ አውቄ ነው የምሳሳተው።

የተሻሻለውን ውጤት ጽፌ ለሐኪሟ ሰጠሁት፤ እሱም ነገራት። ከዚያ እኔን ማነጋገር እንደምትፈልግ ላከችብኝ። ምን እንደምላት ሳዘጋጅ ቆየሁ። ስለ ሜታፕላዥያ፣ አንድ ስሚር ብዙ ጊዜ እንደሚስት፣ ስለ ሦስተኛው ባልደረባዬ። ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ግን ያዘጋጀሁትን የሚጠይቅ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለች። «ያኔ አይተውታል? ወይስ አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ» አልኳት።